ከዘመቻ ቪዲዮ በኋላ ለለጋሾች የሚቀርብ ሪፖርት፦ የትኛው ቁጥር ይግባ? የትኛውስ ይቅር?

የረመዳን የእርዳታ ዘመቻዎች ሲጠናቀቁ በርካታ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በቴሌግራም ቻናላቸውና በፌስቡክ ገጻቸው የምስጋና መልእክት ይለቃሉ። ከመልእክቱ ጋር ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ቁጥር አብሮ ይመጣል፦ «ቪዲዮአችን 380 ሺህ ጊዜ ታይቷል!» የሚል። ቁጥሩ ደስ ይላል። ነገር ግን ለአንድ የቲም ብሎ 500 ብር የላከ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ይህ አልነበረም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ ለልጁ መድረሱን፣ እሱን ለማሰባሰብ ምን ያህል እንደወጣና የቀረው የት እንዳለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ድርጅት ከዘመቻ ቪዲዮው ከሚያገኛቸው በርካታ ቁጥሮች ውስጥ የትኞቹን ለለጋሾች ማቅረብ እንዳለበት፣ የትኞቹን ለራሱ የሥራ ክፍል ማስቀረት እንደሚገባውና የትኞቹን ጭራሽ ማውጣት እንደሌለበት እንመለከታለን። ጉዳዩን ለማብራራት አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ድርጅቱም ቁጥሮቹም ለማስረዳት ያዘጋጀናቸው ናቸው።

ምሳሌው

አንድ አነስተኛ ድርጅት በረመዳን ወር 100 የቲሞችን ለአንድ ዓመት ለመደገፍ ዘመቻ ከፈተ። ለአንድ ልጅ በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ ግቡ 1,200,000 ብር ነው። ድርጅቱ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ አዘጋጅቶ በዩቲዩብ ለቀቀ፤ አጠር ያለውን ቅጂ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም አሰራጨ። ለቪዲዮው ዝግጅት 55,000 ብር፣ በፌስቡክ ቡስት ለማድረግ ደግሞ 38,000 ብር አወጣ። በድምሩ 93,000 ብር ማለት ነው።

ወሩ ሲያልቅ የሚዲያ ክፍሉ ይህን ይዞ ለቦርዱ ቀረበ፦ ዩቲዩብ 18,400፣ ፌስቡክ 142,000፣ ቲክቶክ 210,000፣ ቴሌግራም 9,600 እይታ። ሲደመር 380,000። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ለዘመቻው በተከፈተው የባንክ ሒሳብ 612 ዝውውሮች መግባታቸውንና ጠቅላላው 1,046,000 ብር መሆኑን አሳወቀ። ከቦርዱ አባላት አንዱ ወዲያው አንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳብ አቀረበ፦ «380 ሺህ ጊዜ የታየው ቪዲዮአችን ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ አስገኘ፤ ወጪያችን ለእያንዳንዱ ብር 9 ሳንቲም ብቻ ነው።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉም ከመዝገብ የተወሰዱ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ለለጋሽ ሊነገር አይገባውም። ለምን እንደሆነ ከእይታው እንጀምር።

«ታየ» ማለት ምን ማለት ነው?

አራቱ መድረኮች «እይታ» የሚለውን ቃል ለተለያየ ነገር ይጠቀሙበታል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ካየው እያንዳንዱ ይደመራል። ፌስቡክ ለዓመታት ሲያቀርበው የቆየው ዋና ቁጥር ቪዲዮው ቢያንስ 3 ሰከንድ የተጫወተበትን ጊዜ የሚቆጥር ነው። ሰውየው ገጹን እያሳለፈ ሳለ ቪዲዮው በራሱ ስለሚጀምር፣ ድምፁን ሳይከፍት ያለፈ ሰውም እዚያ ውስጥ ይገባል። ቴሌግራም ከመልእክቱ ግርጌ በዓይን ምልክት የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ የመልእክቱን እይታ ነው። ቪዲዮውን ያልከፈተ ሰውም ይቆጠራል፤ መልእክቱ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍም እዚያ ያዩት ሰዎች በዚያው ላይ ይደመራሉ።

ስለዚህ 380,000 የሚለው ድምር ኪሎን ከሜትር ጋር እንደመደመር ነው። የሰው ቁጥርም አይደለም። አንድ ሰው በቴሌግራም አይቶት በቲክቶክ ሁለት ጊዜ ካጋጠመው በድምሩ ውስጥ ሦስት ሆኖ ይገባል። መድረኮቹ ለየብቻ የሚሰጡት የተመልካች ሰዎች ግምትም ቢሆን ሊደመር አይችልም፤ አንዱ መድረክ ሌላው ላይ ያለውን ሰው አያውቅምና።

መስፈርቱ ራሱ በመሀል ሊቀየር እንደሚችልም መታወስ አለበት። ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአጫጭር ቪዲዮዎቹን፣ ማለትም የሾርትስን እይታ አቆጣጠር ቀይሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርትስ መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር፣ ዝቅተኛ የቆይታ ጊዜ ሳይጠየቅ እይታ ሆኖ ይቆጠራል። ለውጡ የመጣው የ1446 ሒጅሪያ ረመዳን እንዳበቃ ነው። የዚያን ረመዳን ሾርትስ ከቀጣዩ ረመዳን ጋር አወዳድሮ «እይታችን በእጥፍ አደገ» የሚል ድርጅት፣ የቆጠራ ለውጥን እንደ ሥራ ውጤት አቅርቦ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው ዓይነት ቆጠራ በዩቲዩብ የትንተና ገጽ ላይ ለብቻው ስለሚቀመጥ ማወዳደር የሚፈልግ እሱን መጠቀም አለበት።

መድረኮቹ ራሳቸው የተሳሳቱበት ጊዜም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ የቪዲዮ አማካይ የቆይታ ጊዜን ለሁለት ዓመት ያህል አጋኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ። ስህተቱ ለአስተማሪ በቀላሉ ይገባዋል። ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከአካፋዩ ውስጥ አውጥቶ ነበር የሚያሰላው። በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ተማሪዎች ከቁጥር አውጥቶ የክፍሉን አማካይ እንደማስላት ነው፤ አማካዩ ያምራል፣ ክፍሉ ግን ያው ነው። አስተዋዋቂዎች ባቀረቡት ክስ ምክንያት ኩባንያው በ2019 እ.ኤ.አ. 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ወደ ምሳሌአችን ስንመለስ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከፌስቡኩ 142,000 እይታ ውስጥ 104,000 የመጣው በቡስት ነው። በገንዘብ የተገዛ እይታ ሐራም ነገር አይደለም፤ ሕጋዊ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ብዙ የከፈለ ብዙ ያገኛል። ለለጋሽ «ይህን ያህል ሰው አየልን» ብሎ ማቅረብ ራሱ ለጋሹ በከፈለው ገንዘብ የተገዛን ነገር እንደ ስኬት መልሶ መሸጥ ነው። እዚያው ፌስቡክ ላይ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ የታየው 6,300 ጊዜ ብቻ መሆኑ ልዩነቱን ያሳያል።

ሦስት ማጣሪያ ጥያቄዎች

አንድ ቁጥር ወደ ለጋሾች ሪፖርት ከመግባቱ በፊት በሦስት ጥያቄዎች ቢያልፍ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ ቢቀየር የለጋሹ ውሳኔ ይቀየራል? ላይክ ከ3,000 ወደ 5,000 ቢያድግ ለጋሹ ምንም አይለውጥም። 100 ልጆች ይደገፋሉ ተብሎ 87 ብቻ ከተደገፉ ግን ያስባል፤ ሊጨምርም ሊጠይቅም ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ለየቲሞቹ ምንም ሳይጠቅሙ ማሳደግ ይቻላል? እይታ፣ ተከታይና ላይክ ይቻላል። ሦስተኛ፣ የውጭ ኦዲተር ቢመጣ ከመነሻ ሰነድ ተነስቶ ያንኑ ቁጥር ማግኘት ይችላል? የባንክ መግለጫ ይህን ይፈቅዳል፤ ሳምንት ቆይቶ የሚቀየር የስክሪን ቁጥር ግን አይፈቅድም።

380,000 የሚለው ድምር ሦስቱንም አያልፍም። ስለዚህ ይወጣል። አሁን ገንዘቡን እንይ።

ገንዘቡ በእውነት ከቪዲዮው መጣ?

የዘመቻ ሪፖርቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮው በተለቀቀበት ወር የገባው ገንዘብ ሁሉ በቪዲዮው ምክንያት እንደገባ ይቆጠራል። በረመዳን ሙስሊሙ ቪዲዮ ባይኖርም ይሰጣል። ሰደቃው ይበዛል፤ ዘካቸውንም በዚህ ወር የሚያወጡ ብዙዎች ናቸው።

የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ የባንክ መግለጫውን በአራት ክፍል ለየው። አንደኛው የ400,000 ብር አንድ ዝውውር ነው። ለጋሹ ይህን ሊሰጥ ቃል የገባው ቪዲዮው ከመሠራቱ ከሁለት ወር በፊት ነበር። ሁለተኛው በየወሩ የሚሰጡ 76 ቋሚ ለጋሾች የላኩት 114,000 ብር ነው፤ ቪዲዮው ባይኖርም ይልኩት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሲቀነሱ 535 ዝውውሮችና 532,000 ብር ይቀራል።

ከዚህ ውስጥ ስንቱ ከቪዲዮው ጋር እንደሚያያዝ ለማወቅ ድርጅቱ አስቀድሞ አንድ ቀላል ዘዴ ተጠቅሞ ነበር። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ሲልኩ የዝውውር ምክንያት በሚለው ቦታ ‹የቲም› ብለው ይጻፉ» የሚል መልእክት አስገባ። ቃሉ በሌላ ቦታ፣ በመስጂድ ማስታወቂያም ሆነ በፖስተር ላይ፣ አልተጠቀሰም። ይህን ቃል የያዙት 231 ዝውውሮች ናቸው፤ ድምራቸው 196,350 ብር፣ አማካዩ 850 ብር ነው። ቃሉን ያልያዙት 304 ዝውውሮች ደግሞ 335,650 ብር ሆኑ።

ይህ ዘዴ ጉድለት አለው፤ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ። ቪዲዮውን አይቶ ቃሉን መጻፍ የረሳ ሰው አለ። በተለይ በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም እህት ገንዘቡን ለአዲስ አበባ ዘመዱ ልኮ በዘመዱ ስም ሲያስገባ ቃሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ቃሉን የጻፈ ሁሉ በቪዲዮው ምክንያት ብቻ ሰጠ ማለትም አይቻልም። ሊሰጥ አስቦ የሒሳብ ቁጥሩን ፍለጋ ቪዲዮውን የከፈተ ሰውም አለ።

ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ሌላ ማነጻጸሪያ ወሰደ። ቪዲዮ ባልነበረበት ባለፈው ዓመት ረመዳን፣ ትልልቅ ቃል የተገባባቸው ልገሳዎችና ቋሚ ለጋሾች ሳይቆጠሩ፣ የገባው 352,000 ብር ነበር። ዘንድሮ 532,000 ነው። ልዩነቱ 180,000 ብር። የሁለቱ መንገዶች ውጤት ተቀራራቢ ነው፤ በቃሉ 196,350፣ በንጽጽር 180,000። ጭማሪው የዋጋ ንረትንና የድርጅቱን መታወቅ ስለሚጨምር እሱም ፍጹም አይደለም። ቢሆንም «ቪዲዮው ከ180 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ገደማ ሳይጨምር አልቀረም» ማለት ይቻላል። «ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስገኘ» ማለት ግን አይቻልም።

ሁለቱ መንገዶች በጣም ቢራራቁ ኖሮስ? ለምሳሌ በቃሉ 196,350 ሆኖ ከዓምና ጋር ሲነጻጸር ምንም ጭማሪ ባይታይ፣ ቪዲዮው አዲስ ለጋሽ አላመጣም፤ በሌላ መንገድ ሊሰጡ የነበሩትን ወደ አንድ በር ሰበሰባቸው እንጂ ማለት ይሆናል። ይህን ሪፖርቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

የ9 ሳንቲሙ ጉዳይ

ለጋሾች ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት ወጪን ነው። የቦርዱ አባል 93,000 ብርን ለ1,046,000 አካፍሎ ነው 9 ሳንቲም ያገኘው። ነገር ግን በአካፋዩ ውስጥ ቪዲዮው ያላመጣው የ400,000 ብር ልገሳና የቋሚ ለጋሾች ገንዘብ አለ። 93,000 ብሩ ቃሉን በያዙት ልገሳዎች ብቻ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ብር 47 ሳንቲም ይመጣል። ከዓምናው ጋር በታየው ጭማሪ ሲካፈል ደግሞ 52 ሳንቲም ይሆናል።

ከ9 ወደ 52 የሚያደርሰው የወጪ ለውጥ ሳይሆን የአካፋይ ምርጫ ነው። ለዚህ ነው የወጪ ንጽጽር ሲቀርብ አካፋዩ ምን እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መነገር ያለበት። እኛ የምንመክረው ድርጅቱ የቪዲዮውን ሙሉ ወጪ በብር እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያም ከቪዲዮው ጋር በተያያዘው ገንዘብ የተሰላውን ሬሾ እንዲያቀርብ ነው። 47 ወይም 52 ሳንቲም ሲታይ ያስደነግጣል። ግን አንድ ድርጅት ቪዲዮ ሲጀምር አዲስ ለጋሾችን ማግኘት ውድ እንደሆነ የሚረዳ ለጋሽ ብዙ ነው። ቀጣዩን ዓመት በትክክል ማወዳደር የሚቻለውም ዘንድሮ ትክክለኛው ከተጻፈ ነው። በ9 ሳንቲም የጀመረ ድርጅት የሚቀጥለው ዓመት ትልቁ ለጋሽ ሲቀር 14 ሳንቲም ሊሆንበት ነው፤ ያኔ ሥራው ሳይበላሽ የተበላሸ ይመስላል።

ወጪው ከየት እንደተሸፈነም ይጻፋል። በምሳሌአችን የቪዲዮው ወጪ የተሸፈነው የቦርድ አባላት ለሥራ ማስኬጃ ካዋጡት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ከየቲሞቹ ሒሳብ አልተነካም። ይህ «ወጪ አልነበረንም» ለማለት አያበቃም። ገንዘቡ ከማንም ይምጣ፣ ለሌላ ሥራ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው። በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ የማስታወቂያ ወጪም በአስተዳደራዊ ወጪነት ይቆጠራል። የቡስት ደረሰኞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠብቀው መቀመጥ ያለባቸው ለዚህም ጭምር ነው።

ዘካ ያለበት ዘመቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋል። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንቱ ክፍሎች በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ የተወሰኑ ናቸው፤ የቲም መሆን ብቻውን ከእነሱ አንዱ አያደርግም፤ የቲሙ ድሃ ወይም ሚስኪን ከሆነ ነው የሚገባው። ዘካውን የላከ ሰው ገንዘቡ ከሰደቃው ተለይቶ መያዙን የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ «ከገባው ውስጥ ዘካ ተብሎ የተላከው ይህን ያህል፣ ለዘካ ብቁነታቸው ለተጣራ ይህን ያህል ልጆች የተከፈለው ይህን ያህል» የሚል ቁጥር ከማንኛውም የእይታ ቁጥር ይቀድማል።

ለሥራ ክፍሉ የሚቀሩ ቁጥሮች

ለለጋሽ የማይቀርብ ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ለቪዲዮ ሠሪው ወርቅ ናቸው።

ዩቲዩብ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር የተመልካች ቆይታን የሚያሳይ መስመር አለው። ከመቶ ተመልካች በየሰከንዱ ስንቱ እንደቀረ ያሳያል። በምሳሌአችን መስመሩ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ በኃይል ወረደ፤ እዚያ ላይ የነበረው የድርጅቱ አርማና ረጅም የመክፈቻ ነሺዳ ነው። በ30ኛው ሰከንድ 48 በመቶ ቀረ። የባንክ ሒሳቡና «የቲም» የሚለው ቃል የታየው በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ነው፤ እዚያ የደረሰው 14 በመቶ ብቻ ነው። ከ18,400 እይታ ውስጥ የሒሳብ ቁጥሩን ያዩት በ2,600 ገደማ እይታዎች ብቻ ናቸው ማለት ነው።

ይህ የቀጣዩን ቪዲዮ ሥራ ይቀይራል። አርማው ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ ልጁ ስለሚያስፈልገው ነገር የሚናገረው ክፍል ፊት ይመጣል፤ የሒሳብ ቁጥሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይታይና በመጨረሻ ይደገማል። ለጋሹ ግን ከዚህ የሚያገኘው ውሳኔ የለም። «48 በመቶ ቆይታ» ብሎ መስጠት አንባቢን ማድከም ነው። ሪፖርቱ ላይ ከፈለጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አብዛኛው ተመልካች የሒሳብ ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት ስለሚወጣ በሚቀጥለው ዘመቻ ቀደም ብለን እናሳየዋለን።»

የተመልካቾች አገርም እንዲሁ የውስጥ መቆጣጠሪያ ነው። የአማርኛ ቪዲዮ እይታው አማርኛ ተናጋሪ ከሌለባቸው አገሮች በብዛት ከመጣና ተመልካቾቹ በሰከንዶች ውስጥ የሚወጡ ከሆነ፣ ወይ ቡስቱ ሲደረግ አገር አልተመረጠም፣ ወይም አንድ ሰው እይታ ገዝቷል። በሁለቱም መንገድ ገንዘብ ባክኗል። ሥራ ክፍሉ ይህን ማጣራት ያለበት ሪፖርት ከመጻፉ በፊት ነው።

ጭራሽ የማይወጡ

አንዳንድ ቁጥር ትክክል ቢሆንም ሰውን ያጋልጣል። በምሳሌአችን አንድ ለጋሽ ከአንድ አገር ብቻውን 400,000 ብር ልኳል። ሪፖርቱ «ልገሳ በአገር» የሚል ሠንጠረዥ ቢያወጣ፣ ከዚያ አገር አንድ ዝውውር 400,000 ብር ተብሎ ሲታይ በጀመዓው ውስጥ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሰውየው ግን ሰደቃውን በምስጢር ነበር የሰጠው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉት ለጋሾች ጥቂት ከሆኑ ረድፉን ከሌላ ጋር ማዋሃድ ወይም መተው ይሻላል።

ልጆቹም እንዲሁ ናቸው። «በብዛት የታየው የአሚና ታሪክ ነው፤ 90 ሺህ እይታ» ዓይነት መስመር አንዲትን ልጅ የመወዳደሪያ ዕቃ ያደርጋታል። ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ይበልጥ የሚያስለቅስ ልጅ ይፈለጋል። የትኛው ታሪክ ብዙ እንዳስሰጠ የሚያሳይ ደረጃ ለለጋሽ መቅረብ የለበትም። ከቪዲዮው ሥር የተጻፉ አስተያየቶችንም የጻፊዎቹን ስም እያሳዩ ገልብጦ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

ያልተጠናቀቀ ቁጥር ሲያጋጥም

በዘመቻው 34 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ለመስጠት ተመዘገቡ። ብዙ ድርጅት ወዲያው በ12 ወር ያበዛና «ተጨማሪ 204,000 ብር ተረጋግጧል» ይላል። ምዝገባ ግን ክፍያ አይደለም። በሦስተኛው ወር ገንዘብ ያዡ ሲያጣራ እየከፈሉ ያሉት 21 ናቸው፤ በወር 10,500 ብር። ሪፖርት የሚደረገው 21 ነው፤ 34 ከተጠቀሰም አብሮ ነው የሚጠቀሰው። ለዚህ ሲባል የዘመቻ ሪፖርት በሁለት ጊዜ ቢወጣ ይመረጣል። የመጀመሪያው ዒድ አልፎ በሁለት ሳምንት፣ የገባውን ገንዘብና ወጪውን ብቻ የያዘ። ሁለተኛው በሦስት ወሩ፣ ለልጆቹ የደረሰውን የያዘ።

ሪፖርቱ ሲጻፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጨምቆ የምሳሌአችን ድርጅት የሦስት ወር ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦

- ግባችን ለ100 የቲሞች 1,200,000 ብር ነበር። የገባው 1,046,000 ብር ነው፤ በ612 ዝውውሮች።
- ይህ ለ87 ልጆች ለአንድ ዓመት ይበቃል። 13 ልጆች በመጠባበቂያ ዝርዝር ላይ ናቸው።
- በሦስት ወር ለ87ቱ ልጆች 261,000 ብር ተከፍሏል። 785,000 ብር በዘመቻው ሒሳብ ውስጥ አለ።
- ዘካ ተብሎ የተላከው ተለይቶ ተይዟል፤ የተከፈለውም ለዘካ ብቁነታቸው ለተጣራ ልጆች ብቻ ነው። ዝርዝሩ ተያይዟል።
- ለቪዲዮ ዝግጅት 55,000፣ ለማስታወቂያ 38,000 ብር ወጥቷል፤ የተሸፈነውም ከቦርድ አባላት መዋጮ ነው።
- በቪዲዮው ላይ ብቻ የተነገረውን ቃል የያዙ ልገሳዎች 196,350 ብር ናቸው። በዚህ ስሌት የቪዲዮው ወጪ ለአንድ ብር 47 ሳንቲም ነው። ከዓምናው ረመዳን ጭማሪ ጋር ሲሰላ 52 ሳንቲም ይሆናል።
- በየወሩ ለመስጠት ከተመዘገቡት 34 ሰዎች 21ዱ በሦስተኛው ወር እየከፈሉ ነው።

እይታ፣ ላይክ፣ ሼርና ተከታይ የሉበትም። አንድ ለጋሽ ድርጅት የግድ እይታ ከጠየቀ በመድረክ ተለይቶ፣ «እይታ» እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ተጽፎ፣ በቡስት የመጣው ተነጥሎ ይሰጠዋል፤ ሳይደመር።

ይህን ገጽ መጻፍ የሚቻለው ግን ዝግጅቱ ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ከተሠራ ነው። ለዘመቻው ለብቻው ሒሳብ ይከፈታል፤ በቪዲዮው ላይ ብቻ የሚነገር ቃል ይመረጣል፤ የዓምናው ተመሳሳይ ወር ገቢ፣ ቃል የተገባባቸውና ቋሚ ልገሳዎች ተቀንሰው፣ ይጻፋል፤ ቃል የገቡ ለጋሾች ዝርዝር ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚቀርቡ ቦርዱ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወስናል። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚመረጥ ቁጥር ሁልጊዜ የሚያምረው ነውና። በቃለ ጉባኤው ላይ «13 ልጆች ቀርተዋል» ሊባል የሚችል መስመር ካለ፣ ያ መስመር ዒድ ሲመጣ ማንም ሊያጠፋው አይችልም።